የሞተረኛው አንድ ገጽ

ኮፒ ቤት ገብቶ «ሲቪ ሥሩልኝ» የሚል ሰው ብዙ አይጠየቅም። ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የት ሠራህ፤ በቃ። የቀረውን ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ታወጣዋለች። ትናንት ለሌላ ሰው የሠራችውን ትከፍትና ስሙን ትቀይራለች። «ታማኝ፣ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድ፣ በግልም በቡድንም መሥራት የሚችል» የሚለው አንቀጽ ግን ሳይነካ ያልፋል። በዚያ አንቀጽ የሒሳብ ሠራተኛም፣ ጥበቃም፣ ሞተረኛም ይቀጠሩበታል፤ ወይም አይቀጠሩበትም።

የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ ገጽ ይዞ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቴ መጣ። በሞተር ሳይክል ምግብና ዕቃ እያደረሰ 2 ዓመት ከ8 ወር ሠርቷል። እናቱ ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ስላጣች ከሞተር ወርዶ መኪና መያዝ ይፈልጋል። መንጃ ፈቃዱን ቀደም ብሎ አሳድጓል። አሁን አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ለፋርማሲዎችና ለክሊኒኮች ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ በቴሌግራም አግኝቷል። የሁለት ዓመት ልምድ፣ የአዲስ አበባን መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ፣ ተያዥ ማቅረብ ይላል ማስታወቂያው።

«ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ፤ አሥር ቦታ አስገብቼ የደወለልኝ የለም» አለኝ።

ወደኔ የመጣው ያለምክንያት አይደለም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ለአንድ የሾፌር ቦታ ስልሳና ሰባ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመር ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አብዛኛውን የማየው ቆሜ ነው። ሁሉም ታማኝ፣ ሁሉም ታታሪ ናቸው። ቁጭ ብዬ የማነበው አንድ የምጠይቅበት ነገር ያለበትን ገጽ ብቻ ነበር። «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብዬ ልጠይቀው የምችለውን ሰው እጠራዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጠይቀው የማላውቀውን ሰው ለምን ልጥራው?

የልጁ ገጽ የሥራ ልምድ በሚለው ርእስ ሥር ሦስት መስመር ነበረው። «ዕቃ ለደንበኞች በሰዓቱ ማድረስ። የትራፊክ ሕግን አክብሮ ማሽከርከር። ደንበኞችን በትሕትና ማስተናገድ።»

መጀመሪያ ያነሣሁበት የግሱን ነገር ነው። እኛ ሲቪ ስንጽፍ «ማድረስ፣ ማሽከርከር፣ ማስተናገድ» እያልን እንደረድራለን። ይህ የሥራ መደብ መዘርዝር ቋንቋ ነው፤ ድርጅቱ ከማንኛውም ሠራተኛ የሚጠብቀውን እንጂ ይህ ሰው የሠራውን አይናገርም። «ማድረስ» ሲባል ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ተድበስብሰው ያልፋሉ። «አድርሻለሁ» ሲባል ግን ተናጋሪው ራሱን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የቀረውን መሙላት ግድ ይሆንበታል። ስንት አድርሻለሁ? የት? ለማን?

ልጁ ሐሳቡ አልተመቸውም። «አድርሻለሁ፣ ሠርቻለሁ ስል ጉራ አይመስልም?» አለ። ያደግነው ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ጉራው ያለው ኮፒ ቤቷ በጻፈችለት ላይ ነው፤ «ታማኝና ታታሪ» ብሎ ስለራሱ የመሰከረው እርሱ ነው። የተቆጠረ ነገር ጉራ አይሆንም። ስንት ዕቃ እንዳደረስክ ስትጽፍ ታታሪ ነህ ወይስ አይደለህም የሚለውን ፍርድ ለአንባቢው ትተህለታል።

ስለዚህ መቁጠር ጀመርን። ስልኩን አውጣ አልኩት። የሚሠራበት አፕ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያደረሰውን ጠቅላላ ቁጥር ያሳያል፤ 11,412 ይላል። ቁጥሩን እንዳለ ከመውሰዳችን በፊት በሌላ መንገድ ፈተሽነው። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፤ በወር ወደ 26 ቀን ማለት ነው። በ32 ወር 832 ቀን። ለዚያ ሲካፈል በቀን 14 ገደማ ይሆናል። «በቀን ስንት ታደርሳለህ?» ብዬ አስቀድሜ ጠይቄው «ከ12 እስከ 16» ብሎኝ ነበርና ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ ወይ ትዝታው ወይ ስክሪኑ ስሕተት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብ በፊት የቱ እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ቀጣሪው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይህንኑ ማካፈል ሊያካፍል ይችላልና።

ቀጥሎ «በሰዓቱ» ወደሚለው ቃል መጣን። ልጁ «99 በመቶ በሰዓቱ ብለህ ጻፍልኝ» አለ። ከየት መጣ? ከየትም። ጓደኛው ሲቪ ላይ አይቶት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሰው ኃይል ሠራተኛ በሩቁ ያሸተዋል። ደግሞም የምግብ ዴሊቨሪ ሰዓት በሞተረኛው እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ሃያ ደቂቃ ካዘገየው መንገድ ላይ የሚካካስ ነገር የለም። ስለዚህ «በሰዓቱ» የሚለውን ጣልነውና በእጁ ያለውን ፈለግን፤ የወሰደውን ዕቃ በዕለቱ ለባለቤቱ ማስረከቡን።

አስተባባሪያቸው ያልደረሱ ትእዛዞችን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጽፍ ስለነበር፣ የ2016 ሐምሌንና ነሐሴን ወደኋላ ተመልሰን ቆጠርን። ክረምቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዝናብ፣ ጎርፍና ጭቃ ባለበት ወቅት የተገኘ ውጤት ለሌላውም ወቅት ይመሰክራል። በሁለቱ ወር 702 ትእዛዝ ወስዷል። በመጀመሪያው ሙከራ ያልተረከቡ 41 ናቸው፤ ስልክ ያላነሣ፣ ቤት ያልነበረ፣ አድራሻ የተሳሳተ። ከነዚህ 27ቱን በዕለቱ ተመልሶ ደውሎ አድርሷል። የቀሩት 14 ወደ መጡበት ተመልሰዋል። ስለዚህ ከ702 ውስጥ 688ቱ በዕለቱ ደርሰዋል፤ ከመቶ 98 ማለት ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ሆነ፦

«በ2 ዓመት ከ8 ወር ውስጥ ከ11,000 በላይ ትእዛዝ በሞተር ሳይክል አድርሻለሁ፤ በ2016 ክረምት ሁለት ወር ከወሰድኩት 702 ትእዛዝ 688ቱን በዕለቱ አስረክቤአለሁ።»

መቶኛውን አልጻፍነውም። 688 ከ702 የሚል ሰው መቁጠሩ ይታወቃል፤ 98 በመቶ የሚል ሰው ግን ገምቶም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ያልተሸራረፈው ቁጥር ክብ ከሆነው ይበልጥ ይታመናል።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ገባን፤ እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። አገራችን ውስጥ የማድረስ ሥራ ማለት ግማሹ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ደንበኛው ዕቃውን ሲያይ ይከፍላል፤ ሞተረኛው ማታ ሒሳብ ይዘጋል። ተያዥ የሚጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጣሪው «ታማኝ» የሚለውን ቃል ስለማያምን ቋሚ ሥራ ያለው ሰው እንዲፈርምለት ይጠይቃል። ሲቪ ላይ የሚጻፍ መስመር ተያዥን አይተካም። ነገር ግን ተያዥ የሚከፍለው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቀጣሪው ደግሞ ጥፋቱ እንዳይደርስ የሚያደርግ ልማድ ያለውን ሰው ይፈልጋል።

«ገንዘብ ጎድሎብህ ያውቃል?» ስለው ዝም አለ። ኋላ ነገረኝ። በ2015 ሰኔ አንድ ደንበኛ በስልኩ ከፍያለሁ ብሎ የክፍያ መልእክት አሳየው፤ መልእክቱ የተፈበረከ ነበር። ልጁ ዕቃውን ሰጥቶ ሄደ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 850 ብር ጎደለ፤ ከደመወዙ ከፈለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንበኛውን ስልክ ማየት ትቶ ገንዘቡ በድርጅቱ በኩል መግባቱን አስተባባሪው እስኪነግረው በር ላይ ይቆማል። አንዳንዱ ደንበኛ ይቆጣል። «እናቴ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፤ ለእርስዎም ደረሰኙ ይምጣልዎት» እያለ ይጠብቃል።

ይህን ሲነግረኝ ሊደብቀው የፈለገው ታሪክ የገጹ ምርጥ መስመር እንደሆነ ታየኝ። «ጎድሎብኝ አያውቅም» ብለን አንጽፍም፤ ውሸት ነው፤ የቀድሞ አለቃው አንድ ስልክ ከተደወለለት ይወጣል። እውነት የሆነውን ጻፍን፦

«በየቀኑ ከ6,000 እስከ 9,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ሰብስቤ ማታውኑ ሒሳብ ዘግቻለሁ። በሞባይል የተከፈለ ሲሆን ገንዘቡ ለድርጅቱ መግባቱን ሳላረጋግጥ ዕቃ አላስረከብኩም። ከሐምሌ 2015 ሥራ እስከለቀቅኩበት እስከ መስከረም 2017 ጎደሎ አልነበረብኝም።»

ቀጣሪው ጠንቃቃ ከሆነ «ለምን ከሐምሌ 2015?» ብሎ ይጠይቃል። ይጠይቅ። መልሱ የ850 ብሩ ታሪክ ነው፤ የሚነግረውም ልጁ ራሱ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ይሻላል።

የመንገዱ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ነው። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይዞ የሚመጣ ትእዛዝ የለም ማለት ይቻላል። «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ፣ ሰማያዊ በር፣ ፊት ለፊቱ ሱቅ አለ» ነው አድራሻው። ምልክቶቹ ራሳቸው ደግሞ አይቆዩም። በ2016 ፒያሳ ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ፤ የኮሪደር ልማቱ ባለፈበት ሁሉ ሱቁም ሰማያዊው በርም የሉም። ስለዚህ «የአዲስ አበባን መንገድ ጠንቅቄ አውቃለሁ» የሚል መስመር ከየትኛው ዓመት አዲስ አበባ እንደሚናገር አይታወቅም። ከተማውን ሁሉ አውቃለሁ የሚልን ሾፌር እኔ አላምንም ነበር። ኮልፌን የሚያውቅና አያትን የሚያውቅ ሾፌር አንድ አይደሉም።

ልጁ የሚሠራው በምሥራቁ በኩል ነው፤ ከገርጂ ጀምሮ ጃክሮስ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ ብዬ ጠየቅሁት፤ 70 ያህል። ትእዛዞቹን በምን ቅደም ተከተል ትወስዳለህ አልኩት። መጀመሪያ «እንደመጣልኝ» አለ፤ ሲብራራ ግን እንደመጣለት አይደለም። ሁለት ሦስት ትእዛዝ ሲይዝ ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ጋ ይደውላል። ስልክ ያላነሣውን ወደ መጨረሻ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክና የቤት ቁጥር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎክ መፈለግ ከገርጂ እዚያ ድረስ ከመምጣት በላይ ጊዜ ይፈጃል። ያልተገኘ ቦታ ሲሆን ደንበኛው በቴሌግራም ሎኬሽን እንዲልክ ያደርጋል፤ የተላከውንም ለቀጣይ ጊዜ በራሱ ምልክት ስም ሰጥቶ ያስቀምጠዋል።

ይህ ሁሉ ለእርሱ ሥራ አይመስለውም፤ ልማድ ነው። ለመድኃኒት አከፋፋይ ግን መኪና አንድ ጊዜ ጭኖ ሃያ ፋርማሲ ስለሚያዞር ዋናው ሙያ ይኸው ነው። ስለዚህ የመንገዱን መስመር ከሁሉ በላይ አወጣነው፦

«ከገርጂ እስከ አያት ባለው መስመር (ጃክሮስ፣ ሰሚትና ሲኤምሲን ጨምሮ) በቀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሠርቻለሁ። ከመነሣቴ በፊት ለሁሉም ተረካቢ ደውዬ፣ አድራሻ አረጋግጬ፣ ጉዞውን በቅርበትና ተረካቢው በሚገኝበት ሰዓት አቀናጅቻለሁ።»

ፒያሳንና መርካቶን እንጨምር ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም። ቃለ መጠይቁ ላይ «ከሰሚት ወደ አያት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በየት በኩል ትሄዳለህ?» ቢባል ዐይኑን ጨፍኖ ይመልሳል፤ «ከመርካቶ ወደ ጎጃም በረንዳ» ቢባል ግን ያስባል። የሚታወቀውን ብቻ መጻፍ ጥያቄው የት እንደሚመጣ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ደኅንነቱ ላይ ቶሎ ተግባባን። «ምንም አደጋ አላደረስኩም» የሚለው መስመር በየሲቪው አለ፤ አደጋ ሲባል ግን ምን እንደሆነ ማንም አይጽፍም። ልጁ በ2014 ክረምት በእርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ወድቋል፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ ሞተሩ መስታወቱ ተሰበረ፤ ሌላ ሰው አልተነካም። ይህ ቀጣሪውን ያስፈራዋል? የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ የተገጨ ሰው፣ በሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚጀመር ክርክር፣ ጋራዥ የሚቆም መኪና። ስለዚህ በዚያው ልክ «በሌላ ሰውም ሆነ በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ጉዳት አላደረስኩም» ብለን ጻፍን። ስለ መውደቁ ከተጠየቀ ይናገራል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የጠዋት ልማዱ ነው። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የጎማ ነፋስ፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት፣ መብራትና ፍሬቻ ያያል፤ እሑድ እሑድ ዘይት ይለካል። እርሱ የሚለው «አባቴ ሾፌር ስለነበር አስለመደኝ» ነው። እኔ ግን ጋራዥ የሚገባን መኪና ሒሳብ አይቻለሁና ይህ ምን ያህል ብር እንደሆነ አውቃለሁ፦

«በየጠዋቱ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራትና ፍሬቻ ፈትሼ ተነሥቻለሁ፤ ብልሽት ሳይብስ ለድርጅቱ አሳውቄአለሁ። በ32 ወር ውስጥ በሌላ ሰውም ሆነ ተሽከርካሪ ላይ ጉዳት አላደረስኩም።»

መንጃ ፈቃዱን በተመለከተ ደረጃው፣ የወጣበት ዓመትና የሚያበቃበት ቀን ከገጹ አናት፣ ከስሙ ሥር ይግባ አልኩት። ብዙዎች ከታች ይጥሉታል። የሰው ኃይል ሠራተኛ የሾፌርን ማመልከቻ ሲይዝ መጀመሪያ የሚፈልገው ደረጃው ከማስታወቂያው ጋር መግጠሙን ነው፤ ካላገኘው አይፈልገውም፣ ወደ ሌላው ያልፋል። የሞተር ሳይክል ፈቃድ መኪና አያስነዳም፤ አሥር ዓመት የነዳ ሞተረኛም ቢሆን በዚህ ይወድቃል።

አንድ ነገር እንድንጽፍ ፈልጎ ከለከልኩት። የምግብ ሣጥኑ ሙቀት የሚጠብቅ ስለሆነ «የቀዝቃዛ ሰንሰለት ልምድ አለኝ» ሊል አሰበ፤ ማስታወቂያው ላይ አይቶት ነው። ይህ ሌላ ነገር ነው። ክትባትና ኢንሱሊን የሚጓዙት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጣ ካለ ዕቃው ሲታይ ምንም ሳይለወጥ ይበላሻል። የሚጓዘውም በቴርሞሜትርና በመዝገብ ነው። ትኩስ ሽሮ የጠበቀ ሣጥን ለዚህ አይመሰክርም። የመድኃኒት ባለሙያ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያጋልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ 702ቱ ትእዛዝም አያምነውም። «በሙቀት መጠበቂያ ሣጥን ምግብ አድርሻለሁ» ቢል ግን እውነት ነው፤ መማር እንደሚችልም ይጠቁማል።

ስለ ደንበኛ አያያዝ የሚጻፈው መስመር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ትሕትና አይቆጠርም። አፑ ላይ ከ5 ኮከብ 4.8 ተሰጥቶታል፤ እሱን ስክሪኑን አንሥቶ መያዝ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመድኃኒት አከፋፋይ ኮከብ አያውቅም። የሚያውቀው የፋርማሲ ባለቤት «ያዘዝኩት ሃምሳ ነው፣ አርባ ስምንት ነው የመጣው» ብሎ ሲቆጣ ነው። ስለዚህ ትሕትናውን ትተን «ዕቃ ተሳስቶ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

እንዲህ ነው የሚያደርገው። ደንበኛው በሩ ላይ ከፍቶ እንዲያይ ይጠብቃል። የጎደለ ወይም የተለወጠ ካለ አይከራከርም፤ «ልክ ነዎት፣ አሁኑኑ አሳውቃለሁ» ብሎ ፎቶ ያነሣል፤ እዚያው ሆኖ ለአስተባባሪው ይልካል፤ መልስ እስኪመጣ አይሄድም። ደንበኛው ከሌለና ዘበኛ ከተረከበ ለደንበኛው ደውሎ ፈቃዱን ያገኛል፤ የዘበኛውን ስምና ስልክ ይመዘግባል። ይህን የተማረው አንድ ጊዜ ዘበኛ ተረክቦት የጠፋ ጥቅል ካስቸገረው በኋላ ነው። ያን ወደ መስመር ስንመልሰው፦

«ዕቃ ጎድሎ ወይም ተሳስቶ ሲገኝ ከተረካቢው ጋር ቆጥሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ እዚያው ሆኜ ለአስተባባሪ አሳውቄአለሁ። በሌላ ሰው እጅ ሳስረክብ የባለቤቱን ፈቃድ አግኝቼ የተረካቢውን ስምና ስልክ መዝግቤአለሁ።»

ልብ በሉ፤ «ትሑት» የሚል ቃል የለበትም። የፋርማሲው ባለቤት ሲቆጣ ይህ ልጅ እንደማይቆጣ ግን ይታያል።

ገጹን ልንጨርስ ስንል ሥራ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ዓመት አየሁ። «2014 – 2024» ይላል። ጸሐፊዋ አንዱን በኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋዋለች። ከየካቲት 2014 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. 2 ዓመት ከ8 ወር ነው፤ ገጹ ላይ ግን የአሥር ዓመት ልምድ ሆኗል። የ24 ዓመት ልጅ በ14 ዓመቱ ሞተር መንዳት ጀመረ ማለት ነው። ምናልባት ከአሥሩ ማመልከቻ ያልደወሉለት በዚህ ይሆናል። ሁሉንም በዓ.ም. አድርገን፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ደግሞ ሁሉም እ.ኤ.አ. እንዲሆን ከጎኑ ጻፍኩለት፤ ከየካቲት 2022 እስከ ጥቅምት 2024። ብዙ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይጠይቃልና ይህ ስሕተት ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው።

ከገጹ ጋር ምን እንደሚያያዝ ተነጋገርን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ የሠራውን ሥራ፣ የቆየበትን ጊዜና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። ልጁ ደብዳቤውን አምጥቷል፤ ሦስት መስመር ነው፤ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ይላል። ደብዳቤው ቁጥር ስለሌለው ቁጥሩን የሚሸከመው ሲቪው ነው፤ ሲቪው ውሸት እንዳልሆነ የሚያሳየው ደግሞ የደብዳቤው ቀንና ማኅተም ነው። ሁለቱ ላይ ያሉት ቀኖች መግጠም አለባቸው። አስተባባሪውን ደግሞ አስቀድሞ ደውሎ «ስልክህን ልስጥ?» ብሎ እንዲያስፈቅደው ነገርኩት። የደንበኛን ስምና ስልክ ግን ለምስክርነት አይጽፉም፤ ሰው ቤቱን ያሳየው ዕቃ እንዲደርሰው ብቻ ነው።

በአፕ ለራሳቸው የሚሠሩ፣ የቅጥር ውል የሌላቸው ሞተረኞች ይህን ደብዳቤ ላያገኙ ይችላሉ። ለእነርሱ ማስረጃው ያለው ስልካቸው ውስጥ ነው፤ ጠቅላላ ያደረሱት ቁጥር፣ ኮከቡ፣ በየወሩ የተከፈላቸው። ሥራ ሲለቁ ደግሞ አካውንታቸው ሊዘጋና የሦስት ዓመቱ ቁጥር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ይህን የምታነብ ሞተረኛ ካለህ ለመልቀቅ ባታስብም ዛሬ ማታ አፑን ክፈትና ጠቅላላ ቁጥሩ ያለበትን ስክሪን ፎቶ አንሣ፤ ቀኑ ይታይበት፤ ለራስህ በቴሌግራም ላከው።